ሎቢ ውስጥ የወደቁት እናትና እኔ የጻፍኳት አምስት መስመር

መነሻ ጽሑፍ

ቦሌ አካባቢ ባለ ሆቴል የማታ ሺፍት ሊደር ነኝ። ሐምሌ 14 ማታ ዝናቡ እንደ ጉድ ሲወርድ፣ ከእራት ግብዣ የተመለሱ አንዲት እናት በመስታወቱ በር ገብተው ጥቂት እንደተራመዱ እብነ በረዱ ላይ አዳልጧቸው ወደቁ። ዕድሜያቸው ስልሳን ያለፈ ይመስላል፤ ከልጃቸው ጋር ከአሜሪካ መጥተው እኛ ጋ ያረፉ ናቸው። ጥበቃውና ቤልቦዩ ሮጠው አነሷቸው፣ ሶፋ ላይ አስቀመጥናቸው፣ ስኳር ያለው ውሃ ሰጠናቸው፣ እጃቸው ላይ በረዶ ያዝንላቸው። ሆስፒታል እንሂድ ስላቸው ምንም አልሆንኩም ልጄ ብለው ወደ ክፍላቸው ወጡ። እኔም ሎግ ቡኩን ከፈትኩና ይህን ጻፍኩ፦

«ከምሽቱ 2፡45 ላይ አንዲት እንግዳ ሎቢ ውስጥ አዳልጧቸው ወድቀዋል። ምክንያቱ ዝናብ ስለነበረና ተረከዝ ያለው ጫማ ስላደረጉ ነው። የመጀመሪያ እርዳታ ተሰጥቷቸዋል። አሁን ደህና ናቸው። ለማናጀር ተነግሯል።»

በማግስቱ የቀኝ እጃቸው አንጓ አብጦ አደረ። ራጅ ሲነሱ አጥንቱ ተሰብሯል ተባለ። ልጃቸው መዝገቡን ልይ አለች። ዋና ሥራ አስኪያጃችን አንብበው ሲጨርሱ አልተቆጡም፤ ይሄ ምን ይነግረኛል ብለው ደብተሩን ወደ እኔ ገፉት። ከቁጣው ይልቅ ያ ነው ያመመኝ። በሙያው ያላችሁ፣ የጎደለው ምንድን ነው? አሁንስ ማስተካከል ይቻላል?

ይህን ከጠየቅሁ በኋላ የመጡትን መልሶች ከነቁጥራቸው እንደሚከተለው ላስታውሳቸው።

1. የመጀመሪያዋ መላሽ ከሁሉ በፊት የእናቲቱን ደህንነት ጠየቀች። ከዚያ በጨዋነት፣ ደህና ናቸው የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ብትቀር ይሻል ነበር አለች። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ደህና ነኝ ያሉት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ መጻፍ የነበረብኝ እንግዳዋ ምንም አልሆንኩም ማለታቸውን ነው። ቃሉ ያው ይመስላል፣ ነገር ግን ተናጋሪው ይለያል።

2. ሁለተኛው ለብዙ ዓመታት ፍሮንት ኦፊስ ላይ የኖረ ሰው ነው፤ ከአጻጻፉም ያስታውቃል። ምክር ከመስጠቱ በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፦ ሲወድቁ አይተሃል? አላየሁም። ስልክ ላይ ነበርኩ፤ ድምፅ ሰምቼ ዞር ስል ወለሉ ላይ ነበሩ። እንግዲያው ምክንያቱን ከየት አመጣኸው አለኝ። ዝናብ እንደነበረ አውቃለሁ፣ ጫማቸውን አይቻለሁ፣ ሁለቱን አገናኝቼ ምክንያት ያደረግኋቸው ግን እኔ ነኝ። እሱ የሚያሠለጥናቸውን ልጆች ሦስት ነገር እንዲለዩ ያስተምራቸዋል፦ በዓይኔ ያየሁት፣ ሰው የነገረኝ፣ እኔ የገመትኩት። የመጀመሪያው እንዳለ ይጻፋል፤ ሁለተኛው ከተናጋሪው ጋር ይጻፋል፤ ሦስተኛው አይጻፍም። ወለሉ እርጥብ ስለነበር ወደቁ ማለትና ከወደቁ በኋላ ወለሉ ላይ ውሃ አየሁ ማለት ለእሱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ሆቴሉንም አይከስም፣ እንግዳዋንም አይከስም፤ ማንም ሲጠይቀኝ ልምልበት የምችለው ነው።

እዚህ ላይ ቀላል መስሎኝ ነበር።

3. ሦስተኛዋ ነርስ ናት፣ ድንገተኛ ክፍል የምትሠራ። እሷ ስለ ጽሑፉ ሳይሆን መጀመሪያ ስላደረግነው ነገር ነው የተናገረችው፣ ያውም ሳትለሳልስ። የወደቀን ሰው ሮጦ ማንሳት ደግነት ይመስላል፤ ግን አንገቱን ወይም ዳሌውን ተጎድቶ ከሆነ ማንሳቱ ራሱ ይጎዳዋል። መንበርከክ፣ ባሉበት ይቆዩ ማለት፣ አንገትና ጀርባ ያምምዎታል፣ ራስዎን መታዎት፣ ጣቶችዎ ደንዝዘዋል ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዱ እንደሆነ ካልጠየቅን ደግሞ ዕድለኛ ነበርን አለች፤ እንዲህ ያለ ሰው ራሱን ከተመታ በመጀመሪያው ሰዓት ደህና መስሎ በኋላ ሊወድቅ ይችላል። ቢያስታውኩ፣ ቢያንቀላፉ፣ ንግግራቸው ቢዘባረቅ ኖሮ ሳንከራከር 907 ደውለን የቀይ መስቀል አምቡላንስ መጥራት ነበረብን።

ስለ ስኳር ውሃው፦ ስብራት ከተጠረጠረና ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ከቻለ ሐኪም ሳያይ የሚበላም የሚጠጣም ባይሰጥ ይመረጣል። ስለ በረዶው፦ በፎጣ ተጠቅልሎ፣ ከ20 ደቂቃ ሳይበልጥ። ከሁሉም ያልጠበቅሁት ግን የቀለበቱ ነገር ነው። እጅ ማበጥ ከመጀመሩ በፊት ቀለበትና አምባር መውለቅ አለበት፤ ካልወለቀ በኋላ በመቁረጫ ይቆረጣል። እውነትም ሆስፒታል የቀለበታቸውን ወርቅ ቆርጠውታል፤ ከእጃቸው ስብራት ይልቅ እሱን እያነሱ ያዘኑት ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። የጋብቻቸው ነበር።

በመጨረሻ ወደ ጽሑፉ ስትመለስ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ተሰጥቷል የሚለው ለእሷ ባዶ ወረቀት ነው። ማን ሰጠ፣ ምን ሰጠ፣ በስንት ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ ሕመሙ ጨመረ ወይስ ቀነሰ? ሆስፒታል የሚቀበላቸው ሐኪም መዝገቡን ቢያገኝ የሚፈልገው እሱን ብቻ ነው። የተሳሳትነውንም ጭምር መጻፍ አለብን አለች፤ ወዲያው አንስተናቸው ከሆነ ወዲያው አነሳናቸው ተብሎ ይጻፍ።

4. አራተኛው በኢንሹራንስ አካባቢ እሠራለሁ ያለ ሰው ነው። እሱ ከሁሉም በጣም ተማምኖ የተናገረ፣ ግማሹንም የሳተ ነው። ያለ ማናጀር ፈቃድ አንዲት ቃል አትጻፍ አለ፤ እንግዳው ሆስፒታል አልሄድም ሲል ወረቀት አስፈርም፣ ከፈረመ ሆቴሉ ከደሙ ንጹሕ ነው አለ። ቀጥሎም ካሜራ ካላችሁ ደብተር ምን ያደርጋል ብሎ ጨመረ።

5. አምስተኛዋ የሕግ ሰው ትመስላለች፤ አክብራ ነው ያረመችው። ሆስፒታል አልሄድም ብሎ መፈረም ጥሩ ነው፤ የሚያረጋግጠው ግን እንግዳው ተጠይቆ እምቢ ማለቱን ብቻ ነው። ካሣ የመጠየቅ መብቱን አይወስድም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2143 ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሣ ለመጠየቅ 2 ዓመት ይሰጣል፤ ስለዚህ የዛሬዋ ገጽ ሁላችንም ረስተናት ልትነበብ ትችላለች። ፈቃድ እስኪመጣ አትጻፍ የሚለውንም አልተቀበለችውም፤ በሰዓቱ የተጻፈ መዝገብ ክብደቱ በሰዓቱ መጻፉ ነው። አራተኛው ተመልሶ፣ በሥራ ዓለም ያለው ሌላ ነው ብሎ ሁለት መስመር ወረወረና ጠፋ።

6. ስድስተኛው ጥያቄውን ያነበበ አልመሰለኝም። ባለፈው ዓመት ሐዋሳ ሎቢ ውስጥ ላፕቶፑ ስለጠፋበት ረጅም ታሪክ ጻፈ። ማንም አልመለሰለትም፤ እኔ ብቻ አይዞህ ወንድሜ አልኩት።

7. ሰባተኛው ቨርጂንያ በአንድ ሆቴል ናይት ኦዲተር ሆኖ የሚሠራ ሐበሻ ነው። እሱ የያዘው የሰዓቱን ነገር ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የጠቀመኝ ይህ መልስ ይመስለኛል። ከምሽቱ 2፡45 ብዬ ጽፌያለሁ። የእኛ የክፍል ሲስተም ይህንኑ ሰዓት 20፡45 ብሎ ነው የሚያትመው፤ ካሜራውም የሚቆጥረው እንዲሁ ነው። የእናትየው ሐኪም ወይም የአሜሪካ ኢንሹራንሳቸው ይህን ገጽ ቢያስተረጉም 2፡45 ተብሎ ይተረጎማል፤ ያኔ እናትየው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ሩብ ሲቀረው ወደቁ ማለት ነው፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ካሜራው ባዶ ሎቢ ነው የሚያሳየው። ውሸታም የምትመስለው እዚያ ላይ ነው አለኝ። መፍትሔው ሁለቱንም ጎን ለጎን መጻፍ ነው፤ ቀኑንም ሐምሌ 14 ብሎ ጁላይ 21 መጨመር።

ቀጥሎ የካሜራውን ሰዓት አመሳክረሃል ወይ አለ። ይህን በሕይወቴ አስቤው አላውቅም። የስልክህን ሰዓት ከፍተህ ካሜራው ፊት ያዝ፣ ከዚያ ቀረጻው ላይ የሚታየውን ከስልኩ ጋር አወዳድር አለኝ። አደረግሁት። የእኛ ካሜራ 6 ደቂቃ ይቀድማል። ቀረጻው ላይ ሲወድቁ 20፡47 ይላል፤ ስለዚህ እውነተኛው 20፡41 ነው። እኔ 2፡45 ያልኩት ሶፋ ላይ ካስቀመጥናቸው በኋላ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አይቼ ነው። ቀረጻውንም ዛሬውኑ አስገልብጥ አለ፤ መቅጃው ሲሞላ በአሮጌው ላይ እየደረበ ይሄዳልና። ለአራተኛው መልስ የሚሆነውም ይኸው ነበር፦ ካሜራው እናትየው ምን እንዳሉ አልሰማም፣ በረዶውን ማን እንደያዘም ከዓምዱ ጀርባ ስለሆነ አያሳይም።

8. እስከዚህ ድረስ ሁሉም ጨዋ ነበር። ስምንተኛዋ በሆቴል ጽዳት ክፍል ብዙ የሠራች ናት፤ ተቆጥታ መጣች። መጀመሪያ የእናትየውን ጫማ ከሰስክ፣ ቀጥሎ የምትከሰው ጽዳቷን ነው አለችኝ። ሰው በወደቀ ቁጥር ደመወዝ የሚቆረጠው ከማን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ አለች። ከዚያ ማንም ያልጠየቀውን ጠየቀች፦ በሩ ላይ ያለው ምንጣፍ የት ነበር? የማስጠንቀቂያው ቢጫ ምልክትስ የት ቆሞ ነበር?

ለመመለስ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ምንጣፉ ከቀትር ጀምሮ ላውንደሪ ነበር። ቢጫው ምልክት ቆሞ ነበር፣ ግን ከአሳንሰሩ አጠገብ፤ ከበሩ የሚገባ ሰው አያየውም። ይህን አንዱንም አልጻፍኩም ነበር። ሆን ብዬ ነው ወይስ ረስቼ? እዚህ ላይ ለራሴም አልዋሽም፤ ጫማውን ለመጻፍ አልረሳሁም።

9. ዘጠነኛው የጥበቃ ኃላፊ ነው። ያልተጠየቅኸውን አትቀባጥር አለ። ምንጣፉን ከጻፍክ በራስህ እጅ ለከሳሽ ማስረጃ ሰጠህ፤ ቤትህን የሚያኖርልህ ማን እንደሆነ አትርሳ።

10. ሁለተኛው ተመልሶ መጣ፣ በዚህ ጊዜ ግን ጨዋነቱን ትቶ ነበር። ካሜራው ምንጣፍ የሌለበትን ወለል እያሳየ አንተ ደብተሩ ላይ ዝም ካልክ፣ የተጎዳው ምንጣፉ ሳይሆን የጻፍከው ሌላው ሁሉ ነው አለ። አንባቢው አንድ ነገር መደበቅህን ሲያይ ስለ በረዶውም አያምንህም። ነገር ግን ለዘጠነኛው አንድ ነገር ተወለት፦ ምንጣፉ በቦታው አልነበረም ብሎ መጻፍ ሐቅ ነው፤ ምንጣፉ ቢኖር ኖሮ አይወድቁም ነበር ብሎ መጻፍ ግምት ነው። ዘጠነኛው፣ ወረቀት ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው፣ ዳኛ ፊት ቆመህ አታውቅም ብሎ መለሰ። ሁለቱ ሦስት አራት ጊዜ ተመላለሱ፤ የመጨረሻዎቹን ማንበብ አልፈለግሁም።

11. አስራ አንደኛዋ ወሬውን ወደ ሌላ ወሰደችው፤ እኔ ግን ወድጄዋለሁ። ዱባይ ሆቴል ትሠራለች። አንድ እንግዳ ደረጃ ላይ ሲደናቀፍ ከአፏ እኔን የሚል ቃል አመለጣት። ሰውየው ምን ማለት ነው ብሎ ጠየቀ፤ አብሯት የሚሠራ ልጅ ቃል በቃል ተረጎመለት። ከዚያ ሱፐርቫይዘሯ ጥፋቱ የእኔ ነው ብለሻል ወይ ብሎ ለማስረዳት አስጻፋት። እኛ እኔን የምንለው በአንተ ፈንታ እኔ ልውደቅ ለማለት ነው፤ ይህን ለሱፐርቫይዘር በእንግሊዝኛ ማስረዳት እስካሁን ያስቃታል።

12. አስራ ሁለተኛው በዚህ ተነስቶ፣ ለዚህ ነው ለእንግዳ ይቅርታ ማለት የሚከለከለው አለ። አምስተኛዋ ይህን አልወደደችውም፤ አዝኖ መናገር ሌላ፣ ጥፋተኛ ነኝ ማለት ሌላ፣ ወለሉ ላይ ለወደቁ እናት እኔን የማይል ሰው እኔ ሆቴል አይቀጠር አለች። ነርሷም ደገፈቻት። ሌሎች ደግሞ የሠሩባቸው ሆቴሎች በሥልጠና ላይ አዝናለሁ እንኳ እንዳይሉ እንደነገሯቸው ጻፉ። እዚህ ላይ ስምምነት አልነበረም።

13. ወደ ጉዳዩ የመለሰን አስራ ሦስተኛው ነው፤ ራሱ ዱቲ ማናጀር ነው። አምስተኛዋን መስመር ብቻ አንስቶ፣ ተነግሯል የምትል ቃል እጠላለሁ አለ። ማን ተናገረ፣ ለየትኛው ማናጀር፣ በምን፣ በስንት ሰዓት፣ ምንስ መልስ መጣ? በቃሉ ውስጥ ሰው የለም። እሱ ራሱ አንድ ጊዜ ተነግሮሃል ተብሎ ማንም ሳይነግረው ተጠይቋል።

ሐቁን አወጣሁ። ዱቲ ማናጀሩ በዚያች ሰዓት ከግቢ ወጥተው ነበር። 2፡58 በዋትስአፕ መልእክት ላክሁ። አልደወልኩም። ያዩት 4፡20 ላይ ነው፤ ያኔ እናትየው ተኝተዋል። አስራ ሦስተኛው፣ መልእክት መላክ ማሳወቅ አይደለም፣ ሰው የተጎዳበት ነገር በድምፅ ይነገራል፣ ካላነሳ ወደሚቀጥለው ይደወላል፣ ያልተነሳውም ጥሪ ከነሰዓቱ ይጻፋል አለ። በጊዜው ደርሰው ቢሆን ኖሮ ክፍላቸው ድረስ ሄደው በየሰዓቱ ይጠይቋቸው ነበር፤ እኔ ግን እስከ ጠዋት አንድ ጊዜም አልደወልኩላቸውም። እንዳልቀሰቅሳቸው ብዬ ነው።

14. አስራ አራተኛው፣ እኛ ጋ እንዲህ ሲሆን ገጹን ቀድደን ንጹሕ አድርገን እንደገና እንጽፋለን ብሎ በቅንነት መከረኝ። ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ወረዱበት። የገጾቹ ቁጥር ሲዘል ምን ትላለህ አሉት። የተስማሙበት ይህ ነው፦ የድሮው እንዳለ ይቆያል፣ ፍሉድ አይቀባም፣ አይፋቅም። አንድ ቃል ብቻ ከሆነ የሚታረመው በአንድ መስመር ተሰርዞ ይፈረምበታል፤ እንደ እኔ ብዙ የጎደለው ግን በዛሬ ቀንና ሰዓት ተጨማሪ ተብሎ ይጻፋል። ለልጅቷ ደብተሩን መስጠትም ልክ አይደለም ተባልኩ፤ በዚያው ገጽ የሌሎች እንግዶች ስምና የክፍል ቁጥር አለ። የሷ ጉዳይ በማናጀሩ በኩል ተገልብጦ ይሰጣት ወይስ አይሰጣት በሚለው ላይ ግን ሁሉም የየሆቴሉን ደንብ ነው የተናገረው።

15. አስራ አምስተኛው መልስ የእኔው ነው። ዋና ሥራ አስኪያጁን አስፈቅጄ የጻፍኩትን ለጠፍኩ፣ ስሞችንና የክፍል ቁጥሩን አውጥቼ፦

«ሐምሌ 16 (ጁላይ 23)፣ ከቀኑ 9፡20 (15፡20)። ሐምሌ 14 ለተጻፈው ተጨማሪ።

ሲወድቁ አላየሁም። ስልክ ላይ ሳለሁ ድምፅ ሰምቼ ዞር ስል በቀኝ ጎናቸው ወለሉ ላይ ነበሩ። ካሜራው 20፡47 ይላል፤ ከስልክ ሰዓት 6 ደቂቃ ስለሚቀድም 20፡41 (ከምሽቱ 2፡41) ነው። ቦታው ከመስታወቱ በር ወደ ውስጥ 4 ሜትር ያህል። ወለሉ ላይ ከጫማ የወረደ ውሃ አየሁ። የበሩ ምንጣፍ በቦታው አልነበረም። ቢጫው ምልክት ከአሳንሰሩ አጠገብ ነበር። እንግዳዋ እግሬ ከዳኝ ብለዋል።

ጥበቃውና ቤልቦዩ ወዲያው አነሷቸው። ራሳቸውን ተመትተው እንደሆነ፣ የሚወስዱት መድኃኒት እንዳለ አልጠየቅንም። ቤልቦዩ ስኳር ያለው ውሃ ሰጣቸው። በፎጣ የተጠቀለለ በረዶ 2፡50 ገደማ በቀኝ አንጓቸው ላይ ያዝኩ፤ ለስንት ደቂቃ እንደሆነ አላስታውስም። ቀለበታቸው አልወለቀም። ሆስፒታል እንሂድ ብዬ አንድ ጊዜ ጠየቅሁ፤ ምንም አልሆንኩም ብለው እምቢ አሉ፤ አላስፈረምኩም።

ለዱቲ ማናጀሩ 2፡58 በዋትስአፕ ጻፍኩ፤ አልደወልኩም። 4፡20 መለሱ፣ ጠዋት አያቸዋለሁ አሉ። ቀረጻው ዛሬ ተገልብጦ ለሴኩሪቲ ኃላፊ ተሰጥቷል። የሐምሌ 14ቱ የጫማና የዝናብ ምክንያት የእኔ ግምት ነው።»

16. አንጋፋው ሁለተኛ መላሽ ተሰጥቷል የምትለዋን ቃል አይቶ ማን ሰጠ ብሎ ሳቀብኝ። እውነት ነው፤ የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ጻፍኩት። ነርሷ ያልጠየቅነውን መጻፌን አመሰገነች። ዘጠነኛው አንድ ቃል ብቻ ጻፈ፤ እዚህ አልደግመውም።

17. የመጨረሻዋ ያቺው ስምንተኛዋ ናት። ምንጣፉ በቦታው አልነበረም ብለሃል፣ ጥሩ፤ በክረምት ቀትር ላይ አንሱት ብሎ ያዘዘው ማን ነው አለችኝ። ሄጄ የላውንደሪውን ደረሰኝ አየሁ። ቀኑ አለ፣ የምንጣፉ ልክ አለ። ላኪው የሚፈርምበት ቦታ ባዶ ነው።